የደከመው የከፊር ፍሬ

ብርቅዬ ጠርሙሱን በማጥለያው ላይ ዘቅዝቃ አየች። የወረደው ወተት እንደ ገባ ነው የወጣው፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ ውሃ የመሰለ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ከፍሬው ጋር ተቀምጦ መርጋቱ ቀርቶ መወፈር እንኳ አልቻለም። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። አልኮመጠጠም።

«ዛሬም?» አለች። ለማን እንዳለች ግን እሷም አላወቀችም።

ማጥለያው ላይ የቀረው ፍሬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢሞላ ነው። ደህና በነበረበት ጊዜ እንደ አበባ ጎመን ጉጥጉጥ ያለ፣ ሲጫኑት የሚመልስ፣ በየሳምንቱም የሚበዛ ነበር። አሁን አንሷል፣ ላላ ብሏል። ይህን ፍሬ ወተት ውስጥ ጨምረው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ አንድ ቀን ያህል ቢተውት ወተቱን አርግቶ፣ አኮምጥጦ፣ ምላስ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ መጠጥ ያደርገዋል። ከፊር ይሉታል። እርጎ ይመስላል፤ ግን እርጎ አይደለም። ፍሬው ተጠልሎ ለነገ ወተት ይሄዳል፤ መጠጡ ለሰው ይቀራል።

እዚህ ቤት ያ ሰው አባቷ አቶ ገብረየስ ናቸው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ አርባ ዓመት መረብ ሲጥሉና ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሰማንያን የተጠጉ ሽማግሌ። ከስምንት ወር በፊት ሚስታቸው ሲሞቱ አልጋቸው ላይ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አልወረዱም። እንጀራ ሲያቀርቡላቸው «ቆይቶ» ይላሉ፣ ዓሣ ሲያቀርቡላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ወተት ደግሞ አሁን አሁን ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። ይህ ከፊር ብቻ ተስማማቸው። በቀን ሁለት ብርጭቆ፣ አንዳንዴም ሦስት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ባለፈው መጥታ በሚዛን ለክታቸው ስታበቃ ብርቅዬን ወደ በር ወሰደቻትና «ከዚህ ከቀነሱ ሆስፒታል ገብተው በአፍንጫ ቱቦ ነው የሚመገቡት» አለቻት። አቶ ገብረየስ ጆሯቸው ደህና ነው፤ ከውስጥ ሆነው «እኔ ዓሣ አይደለሁም፣ በገመድ አልያዝም» አሉ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአንዲት ማንኪያ ፍሬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ፍሬው ከሠራ አባቷ ይጠጣሉ። ካልሠራ ቱቦ፤ ቱቦውን እምቢ ካሉ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሰብ አትፈልግም።

ደክሟት ነበር። ድካም ሲባል ሰው የሚተኛበትና የሚነሣበት ድካም አለ፤ የብርቅዬ ግን ከእሷ ጋር ተኝቶ ከእሷ ቀድሞ የሚነሣ ዓይነት ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ሻይ ታፈላለች፣ አባቷን ታጥባለች፣ ከዚያ መናኸሪያ ሄዳ እስከ ማምሻው በአንዲት ጠባብ መስኮት የአውቶቡስ ትኬት ትቆርጣለች። ወንድሟ አምሳሉ ከአዳማ እየደወለ «አይዞሽ፣ በቅርቡ እመጣለሁ» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። «አይዞሽ» ደግሞ ሰው አያገላብጥም፣ አንሶላም አያጥብም። ከጓዳው እስከ አባቷ ክፍል ባለው ግድግዳ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ በረድፍ ታትሞ ማየት ከጀመረች ሰንብታለች። ከሰል ስትነካ የራሷ እጅ ያሳረፈው መስሏት «እሁድ አጥበዋለሁ» ካለች ሁለት እሁድ አለፈ።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ሩዋይዳ ዘንድ ሄደች። ሩዋይዳ አዲስ ከተማ ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች፤ የሁለቱ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ስትመለስ ያንን ፍሬ በትንሽ ማሰሮ ይዛ የመጣችው እሷ ናት፤ አሠሪዋ አሮጊት መርቀው ሰጥተዋት። ብርቅዬ ለእናቷ ልቅሶ የተቀመጠች ሰሞን ነበር «ለአባባ ይሁን» ብላ ከፍሬው የቆረሰችላት።

«ካንቺ ትንሽ ስጪኝና ልጀምረው እንደ አዲስ» አለቻት ብርቅዬ፣ ገና ከመቀመጧ።

ሩዋይዳ የምትለካውን ጨርቅ ተወችው። «የኔማ ሞቷል እኮ! ለወንድሜ ሠርግ ወራቤ የከረምኩ ጊዜ። አንቺ ጋ አለ ብዬ ነው እንጂ ዝም ያልኩት። ወላሂ፣ ከአንቺ ሌላ በዚህ ከተማ ማን ጋ እንዳለ አላውቅም።»

ብርቅዬ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። የቀረው የእሷ ማንኪያ ብቻ ነው ማለት ነው።

«ቆይ፣ አትደንግጪ» አለች ሩዋይዳ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ወተቱን አፍልተሽ ስንት ሰዓት ታቆዪዋለሽ?»

«እስኪበርድ።»

«እጅሽን ብትነክሪ አይሞቅሽም?»

«አንዳንዴ... ስቸኩል ለብ እንዳለ እጨምረዋለሁ።»

«ለብ ያለ ምንም አይል። ከዚያ ካለፈ ግን ይቀቅለዋል። ፍሬው ሕይወት ያለው ነገር ነው። በምን ታጥቢዋለሽ?»

«በቧንቧ ውሃ።»

ሩዋይዳ ከንፈሯን መጠጠች። «ውሃው ውስጥ መድኃኒት አለ፤ ተህዋስ እንዲገድል ብለው ነው የሚጨምሩት። ፍሬው ራሱ ተህዋስ ነው! አይታጠብም። ወተት ነው ውሃው። የግድ ካልሽ ደግሞ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ አስነኪው። ሌላስ? ሲበዛ ትቀንሺለታለሽ? አንድ ማንኪያ ፍሬ ለሁለት ብርጭቆ ወተት። ፍሬው በዝቶ ወተቱ ካነሰ ይራባል፤ የተራበ ደግሞ ይመነምናል።»

«ቀንሼ ትርፉን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ለክፉ ቀን ብዬ።»

«ይኸው ተገላገልን! መቼ ነው ያስቀመጥሽው?»

«ከሁለት ወር በፊት።»

«ወተቱን በየሳምንቱ እየቀየርሽ?»

ብርቅዬ የጨርቁን ጫፍ ታጣጥፍ ጀመር። መብራቱም በየጊዜው ይጠፋ እንደነበር አልተናገረችም። ሩዋይዳ ግን ፊቷን አንብባ ራሷን ነቀነቀች። «ፍሬ ይተኛል፣ አዎ፤ በብርድ ይተኛል። ማሳረፍ ማለት ግን መርሳት አይደለም፣ ብርቅዬዋ። ተኝቶም ይበላል፤ ቀስ ብሎ ይበላል። በሳምንት፣ ቢበዛ በአሥር ቀን ወተቱ ይለወጥለታል።»

ብርቅዬ ማታ ቤት ስትገባ የፍሪጁን ዕቃ ከፈተችው። ፍሬው ቢጫ ሆኖ ላዩ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አውጥቷል። እንደዚያ የሆነ አይድንም፣ ለሰውም አይሆንም። መሽተቱን እንኳ አላወቀችም፤ ከዚያ የወረርሽኝ ዘመን ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዋ ቡናና ጋዝ አይለይም። ደፋችውና ዕቃውን በፈላ ውሃ አጠበችው።

የቀረውን ማንኪያ ሩዋይዳ እንዳለቻት አደረገችው። የቧንቧ ውሃ አላስነካችውም። ወተቱን አፍልታ፣ የእጇ ጀርባ ሙቀትም ብርድም እስከማይሰማው ድረስ አብርዳ ጨመረችለት። ሁለት ጠርሙሶች አሏት፤ አንደኛው ፍሬና ወተት ሲይዝ ሌላኛው ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ ይውላል። በየማታው ፍሬውን ከአንዱ አውጥታ ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ወተቱ ቀጭን እንደሆነ ቀረ። አባቷ ብርጭቆውን ከንፈራቸው አድርሰው «ይሄ ወተት ነው» ብለው መለሱላት። አጥሚትም ሠርታ አቀረበችላቸው፤ ሁለት ማንኪያ ወስደው ተዉት። ክንዳቸውን ስታጥብ አጥንቱ እጇ ላይ ተቆጠረ።

ግራ ቢገባት ጥፋተኛ ፈለገች። ያገኘችው ወይዘሮ ሙሉጌጥን ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ሁለት ላም አስረው ለሰፈሩ ወተት የሚሸጡ ሴት። አንደኛዋ ላም ጡቷ ታሞ መርፌ እንደተወጋች ብርቅዬ ሰምታለች፤ የመርፌው መድኃኒት ወደ ወተቱ ከገባ ደግሞ ፍሬውን እንደሚገድል ነግራታለች ሩዋይዳ።

«እትዬ ሙሉጌጥ፣ በሽተኛ ላም አልበው ሸጡልኝ» አለቻቸው በጠዋት፣ ሰው ሁሉ ወተት ሊቀዳ ተሰልፎ ሳለ። «አባቴን ሊገድሉብኝ ነው!»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ መቅጃቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ብርቅዬን የባሰ የቆረጣት እሱ ነው። «ላሜ የተወጋችው ጥቅምት ላይ ነው፤ ወራት አልፎታል። ሐኪሙ የከለከለኝን ቀን ሁሉ ወተቷን መሬት ደፋሁ። ጥጃዋን እንኳ አላጠባሁም። ላንቺ የሰጠሁሽ ከሌላይቱ ነው፣ አሁንም ከሷ ነው። አባትሽን እኔ ነኝ የምገድለው?» አሉና ወተቷን ቀድተው ሰጧት። ብርቅዬ ተቀብላ ስትወጣ የሰልፉ ዓይን ጀርባዋን በላት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሩዋይዳ ሱቋን ዘግታ ራሷ መጣች። «ሳያዩ ሐኪም አይኮንም፤ አሳዪኝ» አለች። ብርቅዬ ፍሬው ያለበትን ጠርሙስ አቀረበችላት። ሩዋይዳ ጨርቁን ገልጣ አሸተተች፣ ግንባሯን ቋጠረች። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ታጥቦ የተደፋውን ባዶ ጠርሙስ አንሥታ አፍንጫዋን ውስጡ ከተተች። ቀና ስትል ዓይኗ ፈጥጧል።

«ብርቅዬ፣ ማነው ይህን ያጠነው?»

«ምን?»

«ወይራ ነው። ጠርሙሱ ወይራ ወይራ ይሸታል። ጭሱ ታች ድረስ ገብቷል። አይሸትሽም?»

ብርቅዬ ጠርሙሱን ተቀብላ አሸተተች። ምንም። ወደ ብርሃኑ አዙራ ስታየው ግን መስታወቱ ሻይ እንደተቀዳበት ሁሉ ደፍረስ ብሏል።

«እናቶቻችን የወተት ቅል ለምንድነው የሚያጥኑት?» አለች ሩዋይዳ። «ለሽታው ብቻ መሰለሽ? ወተቱ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ነው። ጭሱ የሚያኮመጥጠውን ይገድላል። የዚህ ፍሬ ሥራው ደግሞ ማኮምጠጥ ነው! በየቀኑ በጭስ ታፍኖ እንዴት ብሎ ይሥራ? ማነው እዚህ ቤት የሚገባ?»

«ማንም አይገባም። እኔና አባባ ብቻ ነን። አባባ ደግሞ...»

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከውስጥ ክፍል መጣ።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ቀጥሎ የአልጋ ሲጥ ማለት ተሰማ፤ ከዚያ ግድግዳ የሚፈትግ እጅ፣ ከዚያ የነጠላ ጫማ መጎተት። አቶ ገብረየስ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ይዘው፣ ያ የጥቁር አሻራ ረድፍ ባለበት በኩል፣ አንድ አንድ እርምጃ እያሉ መጥተው ጓዳው በር ላይ ቆሙ።

ብርቅዬ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ አልነበረም። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ንዴት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ያነሣቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ ወገቧ እስኪቆረጥ የተሸከመቻቸው አባቷ በእግራቸው ቆመዋል።

«መነሣት ይችሉ ነበር?» አለች። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። «ይችሉ ነበር እና እኔ...»

«አልችልም ነበር» አሉ አቶ ገብረየስ። «ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ አምጥተሽልኝ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንዳልሽ እንቅልፍ ወሰደሽ። ብርጭቆውን እንደያዝሽ። ደንግጠሽ ነቃሽና ወደ ሥራሽ ሮጥሽ። ይቺን ልጅ ጨረስኳት አልኩ። ምን ልርዳት ብዬ አሰብኩ። መጥረግ አልችል፣ ማጠብ አልችል። እናትሽ ግን ሃምሳ ዓመት ያላጠነችውን ወተት አጠጥታኝ አታውቅም። ወይራዋም ይኸው፣ እንዳሰረችው ከምድጃው ኋላ አለ። ጠዋት ከምትተዪው ፍም ላይ ቁራጭ አድርጌ፣ ጠርሙሱን ደፍቼ አጥነዋለሁ፤ በጨርቅ እወለውለውና እመልሰዋለሁ። ስትመጪ ቤቱ ደስ ይልሻል ብዬ ነው።»

ብርቅዬ አስታወሰች። ከሦስት ሳምንት በፊት አባቷ ብርጭቆውን ጨርሰው «ዛሬስ ጣፈጠ» ብለዋት ነበር። ሦስት አራት ቀን ሦስት ሦስት ብርጭቆ ጠጡ። ወተቱ እየቀጠነ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ደግሞ «ወይራ ሸተተኝ» እስክትላቸው ሲጠብቁ የነበሩትን ሰው በድካም አልፋቸው ትሄድ ነበር። አፍንጫዋ እንደማይሠራ ነግራቸው አታውቅም፤ እንዳይጨነቁ ብላ።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ» አሉ አቶ ገብረየስ፣ በሩን ተደግፈው። «ገደልኩት?»

ሩዋይዳ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። «ገና ነው፣ አባባ። ደክሞታል እንጂ አልሞተም» አለች ፍሬውን በማንኪያ እየነካካች። «ያልታጠነ አዲስ ዕቃ እንፈልጋለን። ወተቱ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ፤ ለደካማ ብዙ አይጫንም። በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ ወተቱ ይለወጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወተት አይጠጣም፣ ይደፋል። ፀሐይ አይንካው፣ ምድጃ አጠገብም አይቀመጥ፤ የሐዋሳ ሙቀት ይበቃዋል። በቀኑ መርጋት ሲጀምርና ጥሩ ጥሩ መኮምጠጥ ሲሸት፣ ያኔ ወተቱን ትጨምራላችሁ። ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።»

«ሳምንት!» አለች ብርቅዬ። «እስከዚያ ምን ይበላሉ?»

አቶ ገብረየስ ፍሬውን ተመለከቱት። መረብ ሲጠግኑ የተቀደደውን ቦታ እንደዚያ ነበር የሚያዩት። «እኔ ልያዘው» አሉ። «ብርቅዬ ትረፍ። በየቀኑ በሰዓቱ ወተት መለወጥ አይደል? መረብም እንዲሁ ነው። እኔ አደርገዋለሁ።» ከዚያ ጨመሩ፤ «አጥሚቱንም አምጪው። የሚያበላ ሰው ሳይበላ አይቆምም።»

በማግስቱ ጠዋት ብርቅዬ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ዘንድ ሄደች፤ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠብቃ ሳይሆን ሰልፉ እያለ። «አጥፍቻለሁ፤ ወተትዎ ንጹሕ ነበር» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሴትዮዋ ወተቷን ቀድተው ሲያበቁ ትንሽ ጨመሩላት። «ለአባትሽ» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም።

ሳምንቱ ረጅም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ወተት እንደገባ ወጣ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አቶ ገብረየስ በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ግድግዳውን ይዘው ይመጣሉ፣ ያጠልላሉ፣ አሮጌውን ወተት ይደፋሉ፣ አዲሱን በእጃቸው ጀርባ ለክተው ይጨምራሉ፣ ጨርቁን ያስራሉ። ወደ አልጋ ሲመለሱ አጥሚታቸውን ይጨርሳሉ፤ እያጉረመረሙ፣ ግን ይጨርሳሉ። ብርቅዬ ማታ ገብታ «እንዴት ዋለ?» ትላለች። «ገና አልረጋም» ይሏታል። በአራተኛው ቀን «ጫፍ ጫፉ ረጋ» አሉ። በአምስተኛው የጠርሙሱ ግርጌ ላይ ጥርት ያለ ውሃ ተለይቶ ታየ፤ ፍሬው መብላት መጀመሩ ነው። በስድስተኛው ፍሬው ጠንከር ብሎ፣ ማንኪያ ሲነካው ይመልስ ጀመር።

እሁድ ብርቅዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግድግዳውን ልታጥብ ውሃ ቀዳች። አቶ ገብረየስ «ተዪው» አሏት። «የኔ መንገድ ነው፣ እኔ አጥበዋለሁ። ሂጂ ተኚ።» በጠራራ ፀሐይ መተኛት እንዴት እንደሆነ ረስታ ነበር። ጋደም አለች፤ ከዚያ ወዲያ የሰማችው ነገር የለም።

ስትነቃ ፀሐዩ ከመስኮቱ አልፏል። አባቷ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው አንድ ብርጭቆ። ከፊሩ ወፍሯል፣ አናቱ ላይ ትንንሽ አረፋ ይዟል። «የመጀመሪያው ላንቺ ነው» አሉ። «ጠርሙሱን አላጠንኩም። ፍሬው በንጹሕ ዕቃ ነው ያለው፤ ለክፉ ቀንም ትንሽ ቆርሼ ከወተት ጋር ፍሪጅ አስገብቻለሁ፣ በየሳምንቱ እቀይርለታለሁ። ያጠንኩት የምትጠጪበትን ብርጭቆ ብቻ ነው። ሩዋይዳ እንዲህ ከሆነ ይቻላል ብላኛለች።»

ብርቅዬ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። እንደ ሁልጊዜው ምንም አልነበረም። ልትዋሽ አሰበች፤ ለዚያ ግን አቅም አልነበራትም።

«አባባ፣ አይሸተኝም። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ምን ምን ይላል?»

አቶ ገብረየስ ወንበራቸውን ወደ አልጋዋ ሳቡ። ከእጇ ወስደው አሸተቱት፣ መልሰውም ሰጧት።

«እናትሽ ገና ጓዳ ያለች ይመስላል» አሉ።

ብርቅዬ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ታች ጠጣችው።